የጥድፌ ወሬና ሰነዱ

ሙሐረም 12

ለእህቴ ልጅ፣

አላህ ከክፉ ዐይንና ከክፉ አለቃ ይጠብቅሽ። ሥራሽን ያቅልልልሽ፣ እጅሽን ከእሳት ያርቅልሽ። እኛ ደህና ነን። ደህና ማለት በሩ ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል ማለት ነው። እትዬሽን ጉልበቷ ያማታል፣ እኔን ደግሞ የሚያመኝ ምላሴ እንደሆነ ትናገራለች።

ልጄ ጀልባ ላይ ከወጣ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። ጥድፌ ያልሽው አንቺ ነሽ፤ የጫማውን ክር ሳያስር ሮጦ ሲወድቅ አይተሽ። አሁንም እንደዚያው ነው ያደረገው። አንድ አርብ እኔ ተማሪዎቼ ፊት ቁጭ ብዬ ስለ ትዕግስት ሳስተምር እሱ ከኋላ በር ወጣ።

የወሬ ድሃ የለም። አንዱ ታሰረ ይላል፣ ሌላው ሱቅ ከፈተ፣ ሌላው ሃይማኖቱን ረሳ ይላል። እትዬሽ ሁሉንም ታምናለች፤ ጠዋት በአንዱ ትስቃለች፣ ማታ በሌላው ታለቅሳለች። ጥድፌ እዚህ የተዋት ሙሽሪትም አለች። ባሏ ከጠፋ ወዲህ ሙሽሪት ማለታችንን እንተው ብል አፋችን አልተወም። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሊያገባት ሽማግሌ ልኮባታል። ደግ ሰው ነው፣ ወረፋ የማያዛባ። ቃዲው ባሏ ለጠፋባት ሴት መንገድ አለ ብሏታል፤ ነገር ግን ባልሽ በሕይወት አለ የሚል የሚታመን ወሬ ካለ ትጠብቂያለሽ ብሏል። የሚታመንና የማይታመን ወሬ መለየት ደግሞ የኔ እንጀራ ነው። ስለዚህ ልጅቷ የኔን አፍ ታያለች።

ገንዘብ አትላኪልኝ። ወሬ ላኪልኝ፣ ግን ከነሰነዱ፣ ከነተናጋሪዎቹ ሰንሰለት። ማን ነገረሽ? ለሱስ ማን ነገረው? እስከ ዐይን ምስክሩ ድረስ አንድ ሰው ሳትዘልዪ ጻፊልኝ። ቀን ጻፊበት። «አንድ ሰው እንዳለው» የሚል ወሬ ከመጣ ለምድጃ ነው የማደርገው።

አጎትሽ

ረቢዐል አወል 20

ለተከበሩ አጎቴ፣

የአላህ ሰላም በእርስዎና በቤትዎ ላይ ይውረድ። የእትዬን ጉልበት ይፈውስልኝ። መልሱ ዘገየ፤ ይቅር ይበሉኝ። ልብስ እጥበት ቤቱ የሁለት ሆቴል አንሶላ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ቀንና ሌት መተኮሻው ሥር ነን። እንፋሎቱ ፊቴን ቀቅሎታል፤ ቢያዩኝ አያውቁኝም።

አጎቴ፣ ወሬ አለ! ጥድፌ በሕይወት አለ።

የኛን አገር ሰዎች ፀጉር የሚያስተካክል ሰው አለ፣ ከመንገዱ ማዶ። እሱ ነው የነገረኝ። ለእሱ የነገረው አንድ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሴራሚክ አንጣፊው ወደቡ አጠገብ ባለው የስደተኞች እስር ቤት ወለል ሊያነጥፍ ገብቶ ከእስረኞቹ አንዱን አነጋገረ። እስረኛው ቀጭን ነው፣ ሲናገር ይጣደፋል፣ አባቱ የሐዲስ መምህር እንደሆነ ተናገረ። እናቱ ዐይኗን ቀዶ ጥገና ካደረገች ብዙም ሳይቆይ ከቤት እንደወጣም አጫወተው።

እትዬ ትስማው። ዛሬውኑ ያንብቡላት። ብዙ ይወራል አጎቴ፣ የተወራው ሁሉ አይጻፍም፤ ይኼ ግን የሚጻፍ ነው።

የእህትዎ ልጅ

ረቢዐል አኺር 15

ለእህቴ ልጅ፣

አላህ በበጎ ያሰማሽ። ደብዳቤሽን አነበብኩት፣ አልጮህኩም። እትዬሽ «በልጄ ላይ ሚዛን ታነሳበታለህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሽንኩርት ስንገዛ ሚዛን እናነሳ የለ?

ሥራችን እንዲህ ነው፤ ልብ ብለሽ ስሚኝ። አንድ ወሬ ሰሒሕ፣ ትክክለኛ፣ ለመባል ሰንሰለቱ ያልተቆረጠ መሆን አለበት፤ እያንዳንዱ ሰው ከበላዩ ያለውን አግኝቶ ከራሱ አፍ የሰማ። ከዚያ እያንዳንዳቸው ቀጥተኛ መሆን አለባቸው፤ አእምሮው የሞላ፣ በግልጽ ኃጢአት የማይታወቅ፣ ሰው ፊት የሚያስንቅ ነገር የማያደርግ። ቀጥሎ የያዘውን አጥብቆ የሚይዝ መሆን አለበት፤ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚመልስ፣ በጭንቅላቱም ሆነ በጽሑፉ። ይኼ ሁሉ ተሟልቶም ወሬው ከሱ የበለጡ የታመኑ ሰዎች ከሚሉት ጋር የሚጋጭ ከሆነ ይወድቃል። በመጨረሻ ደግሞ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ የተደበቀ ሕመም የሌለበት መሆን አለበት። ይኼን የመጨረሻውን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። መንገዶቹን ሁሉ ሰብስቦ ጎን ለጎን ያላስተያየ አያየውም።

ስለዚህ ንገሪኝ። ፀጉር አስተካካዩ እንዴት ያለ ሰው ነው? የማስታወስ ችሎታውስ? ሴራሚክ አንጣፊውን ማን ያውቀዋል? በእርግጥ ተገናኝተዋል ወይስ «ሰማሁ» ነው?

አጎትሽ

ጁማደል ኡላ 22

ለተከበሩ አጎቴ፣

በጤናዎ ላይ ጤና ይጨመርልዎ። አለቃችን አንዲት ሠራተኛ አባሮ ሥራዋን በኛ ላይ ደርቦት ነው የዘገየሁት።

ፀጉር አስተካካዩን ጠየቅሁ፣ ሰዎችም ስለሱ ጠየቅሁ። ወርቅ ሰው ነው አጎቴ። ሶላት አያሳልፍም፣ ድሃ ሲመጣበት በነፃ ይላጫል፣ ሲዋሽ የሰማው የለም። የማስታወስ ነገር ግን... ባለፈው አንዱን ደንበኛ በሌላው ልጅ ምርቃት እንኳን ደስ አለህ ብሎት ሰውየው ልጅ የለኝም ብሎ ወጣ። መቀሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሲፈልግ አይቼዋለሁ።

ሴራሚክ አንጣፊው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፀጉሩን ሲስተካከል ነው ያወጋው፤ ስለዚህ ተገናኝተዋል። ሰውየውን ግን ሌላ የሚያውቀው አላገኘሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣው።

እትዬ እንዴት ናት? ሙሽሪትስ? ስለ ልብስ ሰፊው አልጻፉልኝም።

የእህትዎ ልጅ

ጁማደል አኺር 9

ለእህቴ ልጅ፣

እውነቱን ስለጻፍሽልኝ አላህ ምላስሽን ያጽናልሽ። መቀሱን ከጆሮው ላይ ያጣውን ሰው ሳነብ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቅኩ።

ጥሩ ሰው ማለት ጥሩ አስተላላፊ ማለት አይደለም። የጥንቶቹ ሊቃውንት ዱዓ አድርግልኝ ብለው እጁን የሚስሙት ሽማግሌ ሐዲስ ሲያወራ ብዕራቸውን ያስቀምጡ ነበር። ቀጥተኝነቱን አይጠረጥሩም፣ አያያዙን እንጂ። የማስታወስ ችሎታው ትንሽ ብቻ ቢላላ ኖሮ ወሬውን ሐሰን፣ ጥሩ እለው ነበር። ሐሰን ከሰሒሕ የሚያንሰው በዚችው ነው፤ ሌላው መስፈርት ሁሉ አንድ ነው። ያንቺ ፀጉር አስተካካይ ግን የሰው ልጅ ምርቃት የሚያምታታ ነው። ከሱ በላይ ያለው ደግሞ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የማይታወቅ ሰው መጥፎ ነው አንልም፣ ደህና ነው ግን ማለት አንችልም። ስለዚህ የያዝነው ደዒፍ ነው፤ ደካማ።

አታልቅሺ። ደካማ ሁሉ አንድ አይደለም። የመርሳትና ያለመታወቅ ድክመት ቀላል ድክመት ነው። ሌላ መንገድ ከተገኘ፣ ከዚህኛው ጋር ያልተነካካ፣ በሌሎች ሰዎች የመጣ፣ እሱም ቢሆን ትንሽ የደከመ ቢሆን እንኳ፣ ሁለቱ ተደጋግፈው ሐሰን ይሆናሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ተያይዘው መንገድ እንደሚሻገሩት ነው። የውሸታም ወሬ ግን መቶ መንገድ ቢመጣለት አይነሳም። የበሰበሰ እንጨት በበሰበሰ እንጨት አይደገፍም።

ሁለተኛ መንገድ ፈልጊልኝ ልጄ። ሙሽሪት የቃዲውን ቀነ ቀጠሮ አስተላልፋለች፤ ልብስ ሰፊው ይጠብቃል ግን ለዘላለም አይጠብቅም። እትዬሽ ከኔ ጋር የምትነጋገረው በሙሽሪት በኩል ነው፤ «ለዚያ ሰውዬ ምሳው ደርሷል በይው» ትላለች፣ እኔ ፊቷ ተቀምጬ።

አጎትሽ

ረጀብ 2

ለተከበሩ አጎቴ፣

አልሐምዱሊላህ፣ ምስጋና ለጌታችን። አሁንስ ሳልዘገይ ጻፍኩ!

ሁለተኛ መንገድ አገኘሁ። ምግብ አብሳይ ናት፣ ሆስፒታል የምትሠራ። ከዚህ በፊት ያ እስር ቤት ነበር የምታበስለው። ጥድፌን የሚጠብቀው ዘበኛ በራሱ አፍ እንደነገራት ነገረችኝ። ቀጭን ልጅ፣ ሲያወራ የሚጣደፍ፣ አባቱ ሐዲስ የሚያስተምር፣ እናቱ ዐይኗን ቀዶ ጥገና ባደረገች ጊዜ ከቤት የወጣ።

እሷ ቀጥተኛ ሴት ናት። የማስታወስ ነገር ካነሱ የእያንዳንዱን በሽተኛ ምግብ፣ ጨው ያለበትና የሌለበትን፣ ሳትጽፍ ነው የምታውቀው። ዘበኛውን ግን የምናውቀው እሷ ባለችን ብቻ ነው። ፀጉር አስተካካዩን አታውቀውም። ሴት ናት ብለው አይተዉት መቼም።

የእህትዎ ልጅ

ረጀብ 28

ለእህቴ ልጅ፣

አላህ የምስራች ያሰማሽ፣ እንዳሰማሽኝ። ሴት ናት ብዬ? በሐዲስ ማስተላለፍ ሴትና ወንድ እኩል ናቸው፤ እንዲያውም ሲዋሹ የተያዙት ወንዶቹ ናቸው በብዛት።

ፈረድኩ። ሁለቱም መንገድ ቀላል ድክመት አለበት፤ በአንዱ ያልታወቀ ዘበኛ፣ በሌላው ያልታወቀ አንጣፊና የሚረሳ ፀጉር አስተካካይ። ተለያይተው መጥተው አንድ ነገር አሉ። ሐሰን ነው። በሌላ መንገድ የተደገፈ ሐሰን።

ተማሪዎቼን አስወጥቼ እትዬሽን ጠራኋት። የማስተምርበትን ክፍል ታውቂዋለሽ፣ በመጋረጃ የተከፈለውን፣ ከጀርባው ሴቶች የሚያዳምጡበትን። ሐሰን ነው አልኳት። ከመጋረጃው ወጣችና ጉልበቷን ረስታ መሬት ወድቃ ሱጁድ አደረገች። ለማንሳት ሁለት ሰው ፈጀ። ከዚያ በቀጥታ ለኔ «ምሳህን ብላ» አለችኝ፣ አስታራቂ ሳትልክ።

ሙሽሪት ለልብስ ሰፊው «ባሌ አለ» ብላ ላከችበት። «እርግጠኛ ነዎት አባባ?» ብላ ነበር በፊት። ሐሰን በተግባር ይሠራበታል ልጄ አልኳት። ለቃዲውም ራሴ ሄጄ ነገርኩት።

አጎትሽ

ዙልቂዕዳ 4

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤ ስላልመጣ ተከታትዬ ጻፍኩ።

ትናንት ስለ ስውር ሕመም አስተማርኩ። አንዱ ተማሪ ምሳሌ ስጡን አለኝ። ሊቃውንቱ ሕመሙን የሚያገኙት መንገዶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ነው ብዬ ነገርኩት፤ ራሴ ግን ይኼን አላደረግሁም። ቤት ገብቼ ሁለቱን ደብዳቤሽን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ።

ዐይኑን ቀዶ ጥገና ያደረገው እኔ ነኝ። እትዬሽ አይደለችም። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነበር፣ ስለዚህ አታውቂውም። በመጀመሪያው ደብዳቤ አይቼው ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ነው፣ አባትን በእናት ለወጠ፣ ያ ነው አያያዙ የላላው ብዬ አለፍኩት። ሰው ይሳሳታል። በሁለተኛው ደብዳቤ ያው ስህተት ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ ግን ደስታ ሸፍኖኝ አላየሁትም። ዐይኔን ያከመኝ ሐኪም ይኼን አላከመልኝም።

ሁለት ሰዎች ተለያይተው እውነትን ሊያገኙ ይችላሉ። አንድን ስህተት ግን ተለያይተው አያገኙትም። ያቺ ምግብ አብሳይ ከፀጉር አስተካካዩ ሰምታለች፣ ወይም ምግብ አብሳይ የምትባል ሴት የለችም።

ልብስ ሰፊው ባለፈው ሳምንት ሌላ አግብቷል።

የትኛው እንደሆነ ጻፊልኝ።

አጎትሽ

ሰፈር 17

ለአጎቴ፣

ከአላህም ከእርስዎም ምህረት እለምናለሁ። ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አልነግርዎትም።

ምግብ አብሳይ የለችም። እኔ ነኝ። ፀጉር አስተካካዩ ያለው እውነት ነው፣ ሰምቼዋለሁ፤ እሱ ላይ አልጨመርኩም። ሁለተኛ መንገድ ሲሉኝ ግን አንድ ሙሉ ቀን መተኮሻው ሥር ቆሜ ሴትዮዋን ሠራኋት። ጨው ያለውንና የሌለውን እንኳ አሰብኩላት። «ሁለት ሽማግሌ ተያይዘው ይሻገራሉ» ብለው ጽፈውልኝ ነበርና ሁለተኛውን ሽማግሌ ላምጣልዎት ብዬ ነው።

አሁን ደግሞ የደበቅኩትን ልንገርዎት። ከመጀመሪያ ደብዳቤዎ በፊት አውቀው ነበር።

አንድ ቀያሽ ነበር፣ እዚህ ለመንገድ ሥራ የመጣ። ኮቱን ሊያሳጥብ ገብቶ አነጋገሬን ሰምቶ የማን ልጅ ነሽ አለኝ። ነገርኩት። ወንበር አምጥቶ ተቀመጠ። ጀልባው ላይ ከጥድፌ አጠገብ ነበር። ሰው ሁሉ «ዳርቻው ደርሷል አሉ» ሲል ጥድፌ «ከማን ሰማህ?» እያለ ያስቃቸው ነበር፣ አባቴ እንዲህ ነው የሚለው እያለ። ጀልባው ዳርቻው ሲታይ ተገለበጠ። ቀያሹ ጎትቶ አሸዋው ላይ አወጣው። ትንሽ ተነፈሰ። ከዚያ አልተነፈሰም። ዓሣ አጥማጆች አንሶላ ሰጧቸው፤ ቀያሹ በእጁ ቀበረው፣ ሶላቱንም ሰገዱበት።

ሰምቼዋለሁ አጎቴ፣ ከአፉ፣ በጆሮዬ። እሱም በዐይኑ ነው ያየው፤ በመካከላችን ማንም የለም። ሰውየውን የማያምነው ሰው አላየሁም፤ ሥራው የስንዝር ስህተት የማይፈቅድ ነው። ከወራት በኋላ ኮቱን ዳግም ሊያሳጥብ ሲመጣ እንደማላስታውስ ሆኜ እንደገና ጠየቅሁት፤ ያንኑ ነገረኝ፣ ቃል አልጨመረም፣ ቃል አልቀነሰም። ከዚያ ሥራው አልቆ ወደ ሌላ አገር ሄደ፣ ስልኩ አይሠራም። ያስተማሩኝ መስፈርት ሁሉ እዚህ ላይ ተሟልቷል። የሚቃረነውም ያ የፀጉር አስተካካዩ ደካማ ወሬ ብቻ ነው፤ እስረኛው የሌላ መምህር ልጅ ይሆናል።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ልጽፈው ተቀመጥኩ። እትዬ ስትሰማው ታየችኝ፣ አልቻልኩም። ነገ እጽፈዋለሁ እያልኩ ያ የተረገመ የምስራች መጣ። ሙሽሪትን ይቅር በይኝ በሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

ረቢዐል አወል 11

ለእህቴ ልጅ፣

አላህ ለኔም ላንቺም ይዘንልን።

ሰነድሽ እስከ አንቺ ድረስ ሰሒሕ ነው። ቀያሹ ቀጥተኛ፣ አያያዙ የጸና፣ ያየ፣ ደግመሽ የፈተንሽው። ጀማሪ ተማሪ የሚያደርገውን ፈተና አድርገሻል፤ እኔ ራሴ ከዚህ በላይ አላደርግም ነበር። «ከማን ሰማህ» የሚለውንም ከልጄ በቀር ማንም አይለውም። ልጄ ሞቷል። አውቄዋለሁ፣ ክፍሉን ዘግቼ ብቻዬን የሩቅ ሬሳ ሶላት ሰገድኩበት።

ግን እስከ አንቺ ድረስ አልኩ። ሁሉንም ስመዝን ወሬውን ለኔ የምታደርሰውን፣ የመጨረሻዋን ሰው፣ አንድም ቀን አልመዘንኩም። የእህቴ ልጅ ነሽ ብዬ። ይኼን ስህተት ተማሪ ቢሠራው ከክፍል አስወጣው ነበር።

ለእትዬሽ አነበብኩላት። ሁሉንም፣ ምግብ አብሳይዋንም ቀያሹንም። አላለቀሰችም። እንዲህ አለችኝ፦

«ስንት ዓመት ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ ሰማሁህ። በወሬ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ ያመጣው ወሬ አይያዝም፣ ቢጸጸትም ጸጸቱ ለአላህ ነው እንጂ ለኛ አይደለም፣ ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ያ የነብዩን ቃል ለመጠበቅ ነው የተባለው» አልኳት። «በሰው ነገር የዋሸ ከልቡ ከተመለሰ ይያዝለታል። ደግሞ ልጅቷ አሁን የራሷን ጥፋት ነው የተናገረችው።»

«እኔ ይኼኛውን አልሰማሁም። ያኛውን ነው የሰማሁት፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ። የውሸታም ወሬ መቶ መንገድ ቢመጣለት አይነሳም ብለሃል። እንግዲህ ልጄ አለ።»

ደብዳቤሽን አጥፌ መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት።

ሙሽሪት አለቀሰች፣ አንቺን አልረገመችም። ለኔ ግን ቀስ ብላ «ሐሰን ያሉኝ እርስዎ ነዎት አባባ» አለችኝ። ቃዲው ያየው ሰው ራሱ ይምጣ ወይም የታመኑ ምስክሮች ይቅረቡ አለ፤ አንዴ ዋሸሁ ብላ በጻፈች ሴት ደብዳቤ ሞትን አልፈርድም አለ። ትክክል ነው። እንደ ጠፋ ሰው ሚስት ቀኑ እንደ አዲስ ይቆጠርላታል። ሻንጣዋን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባች።

አሁን እኔና እትዬሽ ብቻ ነን። መድኃኒቷን ትታለች። የልጄ ወሬ ሲመጣ እውጠዋለሁ ትላለች፤ ትልቁን ብርጭቆ አጠገቧ አስቀምጣ ፖስተኛው የሚመጣበትን በር ታያለች። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠለች ክረምቱን አትዘልቅም ብሏል። ውሸታም የምትልሽ ስለ ሞቱ ለጻፍሽው ብቻ ነው። «ያቺ ልጅ ድሮ ጥሩ ወሬ ታመጣ ነበር፣ ምን ነካት?» ትላለች። ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ መጽሐፍ ከፍቼ አሳይቻታለሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ዕድሜዬን በሙሉ አንድ በር ጠበቅሁ፣ ውሸት እንዳይገባበት። አሁን በዚያው በር ቆሜ የምለምንሽ ይኼን ነው። ለእትዬሽ አንድ ደብዳቤ ጻፊላት። ማን እንዳየው፣ የት እንዳየው፣ ምን እንዳለው አንቺ ታውቂበታለሽ። ከማን እንደሰማሽው አልጠይቅሽም።

አጎትሽ